ሦስት ፊደል በቀይ እስክሪብቶ

ጠጋ በሉ። ይህን ጮክ ብዬ አልናገረውም።

ጎንደር ውስጥ የሥነ ምግባር ኮርስ የምናስተምር ሰዎች በየሴሚስተሩ አንድ ዓይነት የቤት ሥራ እንሰጣለን። «የተለያዩ ሃይማኖቶች ስለ ፍትሐዊ ጦርነትና ስለ ፓሲፊዝም ያላቸውን አስተሳሰብ አነጻጽሩ፤ ከአምስት ገጽ አይብለጥ።» ፍትሐዊ ጦርነት የሚባለው፣ መዋጋት አንዳንድ ጊዜ ይፈቀዳል፣ ግን በምክንያትና በወሰን ነው የሚለው ሐሳብ ነው። ፓሲፊዝም ደግሞ ምክንያቱ ምንም ቢሆን ደም አላፈስም ማለት ነው። ወረቀቱ ላይ የሚታየው መመሪያ ይኸው ነው። ከዚያ በታች «ሚዛናዊ ሁኑ»፣ «ምንጭ ጥቀሱ» የሚል ይከተላል።

ከጀርባ ያለው ሌላ ነው።

እውነቱን ልንገራችሁ? ወረቀቱ እጄ ሲገባ መጀመሪያ መግቢያውን አላነብም። ሁለተኛውን ገጽ ገልጬ ሰንጠረዥ እፈልጋለሁ። ብዙ ጊዜ አገኛለሁ። በግራ በኩል ክርስትና፣ እስልምና፣ ይሁዲነት፣ ቡድሂዝም፤ በቀኝ በኩል «ይፈቅዳል»፣ «ይከለክላል»፣ «በከፊል»። ተማሪው ሌሊቱን ሙሉ ደክሞበታል፣ መስመሩን በማስመሪያ አስምሮታል። እኔ ደግሞ ያን ሰንጠረዥ ሳይ ቀዩን እስክሪብቶ አነሳና በኅዳጉ ላይ ሦስት ፊደል እጽፋለሁ።

ሦስት ፊደል ብቻ ናት። ቢሮ የሚጋሩኝ መምህራንም ያውቋታል። የቱ ወረቀት ጥሩ ውጤት እንደሚያገኝ፣ የቱ እንደሚመለስ የምትወስነው እሷ ናት። ምን እንደሆነች ኋላ እነግራችኋለሁ። አሁን ብነግራችሁ ቀላል ትመስላችሁና ታልፏታላችሁ። መጀመሪያ ለምን እንደተጻፈች እዩ።

ከአንድ ወጥመድ ልጀምር። እኛ መምህራን ይህን ወጥመድ እንወደዋለን፤ ማን መጽሐፉን እንደከፈተና ማን እንዳልከፈተ በአንድ ገጽ ይነግረናልና።

ተማሪው ከኢንተርኔት ያነባል። የአይሁድ የጦርነት አስተሳሰብ ሲፈልግ «መቃብያን» ያገኛል። የማታትያስ ታሪክ ነው። የግሪክ ነገሥታት የአይሁድን አምልኮ ሲከለክሉ ልጆቹን ይዞ ወደ ተራራ የወጣ ካህን ነው። ጠላት በሰንበት መጥቶ በዋሻ የተሸሸጉትን ወገኖቹን ሲፈጃቸው፣ እነሱም ሰንበትን ላለመሻር እጃቸውን ሳያነሱ ሲያልቁ፣ ማታትያስና ጓደኞቹ «በሰንበትም ቢሆን እንከላከላለን» ብለው ወሰኑ። ድንቅ ምሳሌ ነው፤ ሃይማኖታዊ ሕግና ራስን መከላከል ፊት ለፊት ሲጋጩ ያሳያል። ተማሪው ደስ ይለዋል። ከዚያ ለአገር በቀልነት ብሎ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጨምራል፦ «ይህ መጽሐፍ በእኛ ቤተ ክርስቲያን ሰማንያ አሐዱ መጻሕፍት ውስጥ ይገኛል።»

አይገኝም! እዚህ ላይ ነው ቀዩ እስክሪብቶ የሚነቃው።

በእኛ መጽሐፈ መቃብያን ማታትያስ የለም። ስሙ አንድ ነው፣ መጽሐፉ ሌላ ነው። የእኛው መጽሐፍ የሚጀምረው ጣዖት በሚያመልክ ጺሩጻይዳን በሚባል ንጉሥ ነው። አብያ፣ ሲላና ፈንቶስ የሚባሉ ሦስት ወንድማማቾች ለጣዖቱ አንሰግድም ይላሉ። መልከ መልካሞች ናቸው፤ ጉልበተኞችም ናቸው። መጽሐፉ የጉልበታቸውን ነገር ሆን ብሎ ይነግረናል። መዋጋት ይችሉ ነበር ማለት ነው። ግን ወደ ተራራ አልወጡም፣ ጦር አላደራጁም። ሰውነታቸውን ለሞት አሳልፈው ሰጡ።

አያችሁ? አንድ ስም፣ ሁለት መጽሐፍ፣ ሁለት ተቃራኒ መልስ። አንዱ ስደትን በሰይፍ ይመልሳል። ሌላው በሰማዕትነት ይመልሳል።

ሌላም አለ፤ ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም። መጽሐፈ ኩፋሌን እስከ መጨረሻው ምዕራፍ ያነበበ ተማሪ ስንት ነው? ኩፋሌ ዛሬ በሙሉ የሚገኘው በግእዝ ብቻ ነው። ኦርቶዶክሱም ቤተ እስራኤልም ጠብቀው ያቆዩት መጽሐፍ ነው። በሃምሳኛው ምዕራፍ በሰንበት ከሚከለከሉ ሥራዎች መካከል ጦርነትም ተቆጥሯል፤ ቅጣቱም ሞት ነው። ማታትያስ የፈቀደውን ኩፋሌ በግልጽ ይከለክላል። ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ወለቃ አለች፤ ቱሪስት የሸክላ ሥራ የሚገዛባት የቀድሞ የቤተ እስራኤል መንደር። በእነዚህ ደጋዎች ለዘመናት ሰንበትን አጥብቆ የጠበቀው ሕዝብ መጽሐፍ ይህን ይላል። ስለዚህ «የአይሁድ አቋም» ብሎ ነገር የለም። የማታትያስ መልስ አለ፣ የኩፋሌም መልስ አለ። ሰንጠረዡ ላይ ለሁለቱ አንድ ሳጥን ብቻ ነው ያለው።

ሰንጠረዡ መሰንጠቅ ጀመረ። እንቀጥል።

«ክርስትና» የሚለው ሳጥን ውስጥ ተማሪው ሁልጊዜ የሚጽፈውን እኔ በቃሌ አውቀዋለሁ፦ አውግስጢኖስ፣ ቶማስ አኲናስ፣ ሦስቱ መመዘኛዎች። አኲናስ በአሥራ ሦስተኛው መቶ ዘመን የጻፋቸው ሦስቱ እነዚህ ናቸው፤ ጦሩን የሚያውጀው ሕጋዊ ባለሥልጣን ይሁን፣ ምክንያቱ ትክክል ይሁን፣ ልቡናው ቀና ይሁን። «የመጨረሻ አማራጭ» እና «ተመጣጣኝነት» የሚባሉት ደግሞ ኋላ ነው ዝርዝሩ ውስጥ ገብተው የጸኑት። ይህ ሁሉ ትክክል ነው። ግን የላቲን ምዕራብ ነው። የፋሲል ከተማ ልጅ፣ አርባ አራቱን ታቦት እያለ የሚምል ልጅ፣ የራሱን ቤተ ክርስቲያን አስተሳሰብ በአኲናስ ስም ሲጽፍ አያለሁ።

የእኛው የት ነው? ሁለት ቦታ ነው፤ ሁለቱም እርስ በርስ አይመሳሰሉም።

አንደኛው ፍትሐ ነገሥት ነው። የግብጹ ሊቅ አስ-ሳፊ ኢብን አል-አሳል በ1238 እ.ኤ.አ. በዐረብኛ ያጠናቀረው፣ ኋላ ወደ ግእዝ የተመለሰው የሕግ መጽሐፍ። አንቀጽ አርባ አራት ስለ ነገሥታት ነው፤ የጦርነቱ ሥርዓትም እዚያ ይገኛል። ምንጩ አውግስጢኖስ አይደለም፤ ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ ሃያ ነው። ንጉሥ ከተማ ሊወጋ ሲቀርብ አስቀድሞ ሰላም ያቅርብ ይላል። እዚህ ላይ ጨዋ አንባቢ የማይደብቀው ነገር አለ፤ ያው የዘዳግም ምዕራፍ ዝቅ ብሎ ወንዶችን ሁሉ ስለ መግደል፣ አንዳንድ ከተሞችንም ፈጽሞ ስለ ማጥፋት ይናገራል። ሰላም ማቅረቡን ጠቅሶ ይህን የሚዘል ወረቀት ግማሽ ገጽ እንደተቀደደበት ነው የምቆጥረው።

ሁለተኛው መጽሐፈ ሲኖዶስ ነው። ስለ እሱ ድምፄን ይበልጥ ዝቅ ላድርግ። ሲኖዶስ ውስጥ «የሐዋርያት ትውፊት» የሚባለው ጥንታዊ ሥርዓት አለ። ክርስቲያን ሊሆን የሚመጣ ሰው ሥራው ምንድን ነው ብሎ ይጠይቃል። ወታደር ከሆነ እንዳይገድል፣ ቢታዘዝም እንዳይገድል ይነገረዋል። ካመነ በኋላ ወታደር ልሁን የሚል ደግሞ ይለያል ይላል። ልብ አድርጉ፤ ታቦት ይዞ አድዋ የዘመተው ሕዝብ ይህንንም ጽሑፍ በብራና ገልብጦ በዕቃ ቤቱ አኑሮታል።

ተማሪ ይህን ሲሰማ ይደነግጣል። አንዲት የዳባት ልጅ አንድ ቀን ከክፍል በኋላ ቀረችና «መምህርት፣ ታዲያ ቤተ ክርስቲያን ራሷን ነው የምትቃረነው?» አለችኝ። ለእሷ ጦርነት የመጽሐፍ ነገር አይደለም፤ በአገሯ የተኩስ ድምፅ ሰምታ ያደገች ናት። መልስ ከመስጠት ይልቅ ወረቀቷን ተቀብዬ ሦስቷን ፊደል ጻፍኩላት።

እሺ፤ በቃ። ልንገራችሁ።

«ለማን?»

ይኸው ነው ምሥጢሩ። ሃይማኖቶችን ከማነጻጸር በፊት፣ እያንዳንዱ ቃል ለማን እንደተነገረ ጠይቁ። ሲኖዶስ የሚናገረው ለመጠመቅ ለመጣ ግለሰብ ነው፤ «አንተ አትግደል» ይለዋል። ፍትሐ ነገሥት አንቀጽ አርባ አራት የሚናገረው ለንጉሥ ነው፤ ብዙ ሕዝብ ለተሰጠው፣ የሌላ ሰው ነፍስ ለሚጠየቅበት ሰው። የመቃብያን ሦስቱ ወንድማማቾች የሰጡት የራሳቸውን ሰውነት ነው፤ የጎረቤታቸውን ሕፃን አሳልፈው አልሰጡም። ማታትያስ ግን በዋሻ ያለቁትን ሴቶችና ልጆች ነገር ሰምቶ ነው የወሰነው። ጥያቄው ለራስ ሲሆን አንድ መልስ ይመጣል፤ ለሌላው ሲሆን ሌላ መልስ ይመጣል። ሁለቱን በአንድ ሳጥን አስገብቶ «ይቃረናሉ» ማለት የሐኪምን ማዘዣና የዳኛን ፍርድ አስተያይቶ ተጋጩ እንደ ማለት ነው።

አንድ ሦስተኛ አድማጭም አለ። የቂሣርያው ቅዱስ ባስልዮስ በአራተኛው መቶ ዘመን በጻፈው አሥራ ሦስተኛ ቀኖና፣ አባቶች በጦር ሜዳ መግደልን እንደ ነፍሰ ገዳይነት አልቆጠሩትም ይላል። ግን እጃቸው ንጹሕ አይደለምና ለሦስት ዓመት ከቅዱስ ቁርባን ቢታቀቡ ይሻላል ብሎ ይመክራል። ይህ ለንጉሥም ለተጠማቂም አይደለም። ከጦር ሜዳ ተመልሶ ለመጣ ሰው ነው። ጦርነቱ ትክክል ነበር ወይ ብሎ አይጠይቅም፤ ከመግደል በኋላ ነፍስ እንዴት ትድናለች ብሎ ነው የሚጠይቀው። አንድ ቤት ውስጥ ሦስት ድምፅ፣ ሦስት አድማጭ።

አሁን ወደ እስልምናው ሳጥን እንሂድ። ተማሪው እዚያ «ጅሃድ» ብሎ ጽፎ በቅንፍ «ቅዱስ ጦርነት» ይላል፤ ከዚያ በኋላ ብዙም አይናገርም። ቃሉ ግን ትርጉሙ ትግል፣ ጥረት ነው፤ መዋጋት ከመልኮቹ አንዱ ነው። «ለማን?» የሚለውን ይዛችሁ ግቡ። ቁርኣን በሱረቱል ሐጅ መዋጋት የፈቀደው ግፍ ለተሠራባቸውና ከቤታቸው ለተባረሩት ነው። በሱረቱል በቀራ የሚዋጓችሁን ተዋጉ ሲል ድንበር አትለፉ ብሎ ያስራል። የመጀመሪያው ኸሊፋ አቡ በክር ለጦር አዛዡ የሰጠው ምክር በኢማም ማሊክ ሙወጣእ ውስጥ ተመዝግቧል። ሴት፣ ሕፃን፣ ሽማግሌ አትግደል፤ የሚያፈራ ዛፍ አትቁረጥ፤ ለአምላክ የተለዩትን ሰዎች ተዋቸው የሚል ነው። ይህ ለአዛዥ የተነገረ ነው። ዘዳግምም የሚበላ ፍሬ ያለውን ዛፍ በከበባ ጊዜ እንዳይቆረጥ ይከለክላል። ሁለቱ ተመሳሰሉ ብሎ የሚጽፍ ተማሪ ጎበዝ ነው። ቁርኣን በሱረቱል ሐሽር የበኑ ነዲር ቴምር መቆረጡን በአላህ ፈቃድ የሆነ ነው ማለቱን፣ ሊቃውንቱም በዚህ መከራከራቸውን የሚጨምረው ደግሞ ከፍ ያለውን ውጤት ያገኛል።

ለግለሰቡስ? እዚያም አለ። ሱረቱል ማኢዳ ስለ ሁለቱ የአዳም ልጆች ይናገራል። አንዱ ሊገድለው እጁን ለዘረጋው ወንድሙ፣ እኔ ልገድልህ እጄን አልዘረጋም ይለዋል። ሶርያዊው ሊቅ ጀውደት ሰዒድ ከዚህ ታሪክ ተነሥቶ በ1966 እ.ኤ.አ. ሙሉ የእስልምና ኢ-ዓመፃዊ አስተሳሰብ ጽፏል። ሁለቱ ድምፆች በእስልምናም አሉ፤ አንዱ ለአዛዥ፣ አንዱ ለግለሰብ።

«ታዲያ እውነተኛ ፓሲፊስት አገራችን የለም?» የምትሉኝ ትኖራላችሁ። አለ፤ ተማሪ ግን አሜሪካን ሲፈልግ ያልፈዋል። መሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን የሜኖናይት ቤተሰብ ናት። ይህ ቤተሰብ በ1525 እ.ኤ.አ. ዙሪክ ላይ የተጀመረው አናባፕቲስት እንቅስቃሴ ነው። ደርግ በጥር 1974 ዓ.ም. ቤተ ክርስቲያኗን ዘጋት፤ መሪዎቿም ለዓመታት ታሰሩ። ምእመናኑ መሣሪያ አላነሡም፤ በየቤቱ በጥቂት በጥቂት ሆነው መሰብሰባቸውን ቀጠሉ፣ ደርግ ሲወድቅም ቁጥራቸው በብዙ እጥፍ አድጎ ወጡ። አሁን ቀዩን እስክሪብቶ እዚህም ላይ አሳርፉት። የእነዚህ ክርስቲያኖች ጥንታዊ ሰነድ፣ የ1527ቱ የሽላይትሃይም መግለጫ፣ የመንግሥት ሰይፍ ከክርስቶስ ፍጹምነት ውጭ በእግዚአብሔር የተሾመ ነው ይላል። ሰይፍ በዓለም ላይ አይኑር አላለም፤ የእኛ አይደለም ነው ያለው። ፓሲፊዝሙ ለአማኙ የተነገረ ነው። «ሜኖናይት ማንም እንዲዋጋ አይፈቅድም» ብሎ የጻፈ ተማሪ «ለማን?» የምትለዋን ያገኛል።

እስካሁን የነገርኳችሁ ለማነጻጸር ነው። አሁን ደግሞ ጥሩ ወረቀትን ከመካከለኛው የሚለየውን ላሳያችሁ። ጉዳይ ያስፈልጋል፤ አንድ ብቻ። የጎንደር ልጅ ሆኖ ቬትናምን የሚመርጥ ሰው ይገርመኛል፤ ከደጁ መተማ እያለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1876 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ከእንግሊዝና ከግብፅ ጋር ተዋዋሉ። በማህዲስቶች የተከበቡት የግብፅ ወታደሮች በኢትዮጵያ በኩል እንዲወጡ ረዱ፤ የማህዲስቶችንም ጠላትነት ገዙ። በ1879 ዓ.ም. የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት መተማን ወግተው የማህዲስቱን አዛዥ ገደሉ። በጥር 1880 ዓ.ም. ሌላው የማህዲስቶች አዛዥ ሐምዳን አቡ አንጃ ብድሩን ሊመልስ ዘመተ። ደምቢያ ውስጥ ሣር ውኃ ላይ ተክለ ሃይማኖትን ድል አድርጎ ጎንደር ገባ፤ ከተማዋንና አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጠለ፣ ሕዝብም ማረከ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ተረፈች፤ ንብ ወጥቶ ጠላትን አባረረ የሚለውን አያቶቻችን ሲነግሩን አድገናል። በታኅሣሥ 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ለአቡ አንጃ የሰላም ደብዳቤ ጻፉ። የአንተም የእኔም ድሃ ሕዝብ በከንቱ አይለቅ፤ የጋራ ጠላታችን አውሮፓዊ ነውና በእሱ ላይ እንተባበር የሚል ነበር። መልሱ ስድብ ሆነ። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስና ማህዲስቶቹ መተማ ላይ ጦርነት ገጠሙ። ኢትዮጵያውያን እያሸነፉ ሳለ ንጉሠ ነገሥቱ ተመቱ፤ ሠራዊቱ ተፈታ፤ በማግሥቱ ዐረፉ።

ተማሪ ይህን ሲሠራ የት እንደሚሳሳት ልንገራችሁ። ከደብዳቤው ይጀምርና «ሰላም አቀረቡ፣ ተከለከሉ፣ ስለዚህ ጦርነቱ ፍትሐዊ ነው» ብሎ ይዘጋዋል። የፍትሐ ነገሥት «አስቀድሞ ሰላም አቅርብ» የሚለው መመዘኛ ተሟልቷል፤ እውነት ነው። ግን ሌሎቹን መመዘኛዎች አንድ በአንድ አስቀምጡ።

ምክንያቱ። ታሪኩን ከጥር 1880 ከጀመራችሁት የተወረረችው ጎንደር ናት። ከ1879 ከጀመራችሁት መጀመሪያ የተመታችው መተማ ናት። ማህዲስቱም በበኩሉ ሐዲስ ይዞ መከራከር ይችላል። አቡ ዳውድ የዘገቡት ሐበሾች እስካልነኳችሁ ድረስ አትንኳቸው ይላል። ቅድመ ሁኔታ አለው፤ «እስካልነኳችሁ»። የመጀመሪያዋን ቀን የመረጠ ሰው ፍርዱንም መርጧል። ጥሩ ወረቀት የጀመረበትን ቀን ለምን እንደመረጠ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይናገራል።

ልቡና። ዐፄ ዮሐንስ በ1870 ዓ.ም. ቦሩ ሜዳ ላይ ካደረጉት ጉባኤ በኋላ የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ አስገድደዋል። አሥር ዓመት አልፎ ለሙስሊም አዛዥ «ድሃው አይለቅ» ብለው ሲጽፉ፣ ያንን ደብዳቤ የወሎ ሰው ምን ብሎ ያነብበዋል? ይህ ደብዳቤውን ውሸት አያደርገውም። የቀና ልቡናን መመዘኛ ግን ከባድ ያደርገዋል። ከመተማ በፊት ባሉት ወራትም ሠራዊታቸው ጎጃምን፣ የራሳቸውን አገር፣ ክፉኛ አጥፍቷል።

የማሸነፍ ተስፋ። ጣልያን ምጽዋ ተቀምጧል፤ ምኒልክ ልባቸው ሸፍቷል። በሦስት በኩል የተወጠረ ንጉሥ ወደ ምዕራብ መዝመቱ ከጥቅሙ ጉዳቱ አይበልጥም ነበር? ውጤቱን አይቶ መፍረድ ቀላል ነው፤ ስለዚህ በየካቲት 1881 የሚታወቀውን ብቻ ይዛችሁ ፍረዱ። ይህን የሚያደርግ ተማሪ ሳገኝ ከወንበሬ ተነሥቼ ለጓደኞቼ አነብላቸዋለሁ።

ከዚያ ፓሲፊስቱን አስገቡት፤ አታስቀልሉለት። ሦስቱ የመቃብያን ወንድማማቾች ስለ ራሳቸው ሰውነት መለሱ። ከጎንደር የተማረከችውን ሴት ማን ያስመልሳት? የሲኖዶሱ ተጠማቂ «አልገድልም» ሲል፣ የእሷን ነገር ለማን ተወው? ፓሲፊስቱ መልስ አለው፤ ሰይፍ ስንቱን ምርኮኛ መለሰ ብሎ ይጠይቃችኋል። መተማ ማንን አስመለሰች? ንጉሡን አጣን፣ ሠራዊቱ ተበተነ፣ ምርኮኛ ላይ ምርኮኛ ተጨመረ። ሁለቱም ወገን የሚከብደውን ጥያቄ እስኪቀበል ድረስ አትዝጉት።

መደምደሚያችሁ ምን ይሁን? «ሁሉም ሃይማኖቶች ሰላምን ይሰብካሉ» ብላችሁ አትዝጉ፤ እሱን ያለ ማንበብ ሁሉም መጻፍ ይችላል። በየትኛው ጥያቄ ላይ፣ ለየትኛው አድማጭ፣ የትኛው ድምፅ ይበልጥ እንዳሳመናችሁና የማያሳምነው ቦታ የት እንደሆነ ጻፉ። ሁለት ሃይማኖት በደንብ የሠራ አምስቱን በሰንጠረዥ ካስቀመጠው ይበልጣል። አምስት ገጽ ለሁለት ሃይማኖትና ለአንድ መተማ ልክ ነው።

ያቺ የዳባት ልጅ ወረቀቷን በሁለት ሳምንት መለሰችልኝ። ሰንጠረዡ የለም። ሲኖዶስንና አቡ በክርን ጎን ለጎን አስቀምጣ አድማጮቻቸውን ለይታለች፣ በመተማ ፈትናቸዋለች። መጨረሻ ላይ ወደ ደብዳቤው ተመልሳ ያልጠበቅኩትን አደረገች፤ የእኔኑ ጥያቄ በእኔው ላይ አዞረችው። ፍትሐ ነገሥት ለንጉሥ ነው፣ የአቡ በክር ምክር ለአዛዥ፣ ሲኖዶስ ለተጠማቂ፣ ባስልዮስ ለተመላሽ ወታደር። ደብዳቤውም ከንጉሥ ለአዛዥ ነው። ድሃው በውስጡ ተጠቅሷል፤ ለእሱ ግን አልተጻፈም። ጎተራው የተቃጠለበት የደምቢያ ገበሬ ከእነዚህ ጽሑፎች ሁሉ ውስጥ አንዱም «አንተስ ምን አድርግ» ብሎ የነገረው የለም ብላ ጻፈች። ከዚያ ለእሱ የሚሆን ሕግ ማን ይጻፍለት ብላ ወረቀቷን ዘጋች።

ቀዩን እስክሪብቶ አነሣሁ። በኅዳጉ ላይ የምጽፈው አጣሁና መልሼ አስቀመጥኩት።